ሁለት ፊደላት ሲሰወሩ፦ በፎቶግራፍ ላይ የተተካ ጽሑፍ በትንሽ ስክሪን መነበቡን በስሌት ማረጋገጥ

ስለ ንጹሕ ውሃ የሚያስተምር አንድ ፖስተር በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። መደቡ የፏፏቴ ፎቶግራፍ ነው፤ በጥላ የተሸፈነ ጥቁር አለት ይታያል፤ በአለቱ መሐል አንድ ነጭ የአረፋ ጅረት ይወርዳል። ፖስተሩ መጀመሪያ የተዘጋጀው በእንግሊዝኛ ሲሆን «መጀመሪያ አፍሉት» የሚል ትርጉም ያላቸው ሁለት አጭር ቃላት በነጭ ቀለም ከአረፋው በስተግራ፣ በአለቱ ጥላ ላይ ተጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ጽሑፉ ወደ አማርኛ ተመለሰ። የእንግሊዝኛው ቃል ተነሥቶ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቀለምና በዚያው የፊደል መጠን «ያልፈላ ውሃ አይጠጡ» የሚል ተተካ።

አዲሱ ጽሑፍ ከቀድሞው ይረዝማል። በመሆኑም በአለቱ ላይ ይጀምርና የአረፋውን ጅረት አቋርጦ እንደገና በአለት ላይ ያበቃል። በአረፋው ላይ የሚያርፉት ፊደላት «አይ» ናቸው። በኮምፒውተር ሰፊ ስክሪን ላይ አተኩሮ ለሚያይ ሰው ፊደላቱ በጭንቅም ቢሆን ይለያሉ። በትንሽ የስልክ ስክሪን ላይ ግን ነጩ ፊደል በነጩ አረፋ ውስጥ ይጠፋል። ለአንባቢው የሚቀረው «ያልፈላ ውሃ ጠጡ» የሚለው ነው። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ምንም የጎደለው የማይመስል፣ ትርጉሙ ግን ከታሰበው ጋር ፍጹም ተቃራኒ የሆነ ዐረፍተ ነገር ነው።

ይህ ፖስተር ለማስረጃ የቀረበ ምሳሌ ነው። ይሁን እንጂ ስሕተቱ የሚፈጠርበት መንገድ እውነተኛ ነው። የመጀመሪያው ሠዓሊ የጽሑፉን ቀለም የመረጠው ያን ቃል በዚያ ቦታ ላይ አይቶ ነበር። ቃሉ ሲለወጥ ምርጫው የተመሠረተበት ምክንያት አብሮ ይፈርሳል። ስለሆነም ጽሑፍ በተተካ ቁጥር የጽሑፉና የመደቡ ንፅፅር እንደገና መለካት አለበት። እንዴት እንደሚለካ፣ መለኪያው የት ላይ እንደሚያታልልና ጉድለቱ እንዴት እንደሚታረም ደረጃ በደረጃ እንመልከት።

ንፅፅር እንዴት ይሰላል?

በስክሪን ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ወይም ፒክስል ቀለሙ በሦስት ቁጥሮች ይገለጻል። እነርሱም የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 255 ይደርሳሉ። ሦስቱም 255 ሲሆኑ ነጭ፣ ሦስቱም 0 ሲሆኑ ጥቁር ይሆናል።

እነዚህ ቁጥሮች ግን በቀጥታ የብርሃን መጠን አይደሉም። 128 የ255 ግማሽ ያህል ቢሆንም ከስክሪኑ የሚወጣው ብርሃን የነጩ 22 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከስሌቱ በፊት እያንዳንዱ ቁጥር ወደ ብርሃን መጠን መመለስ ይኖርበታል። ከዚያም ሦስቱ በተለያየ ክብደት ይደመራሉ፤ ዐይናችን ለአረንጓዴ ብርሃን ይበልጥ፣ ለሰማያዊ ደግሞ እጅግ ባነሰ ሁኔታ ስሜት ስላለው ነው። ድምሩ አንጻራዊ ድምቀት ይባላል፤ ለጥቁር 0፣ ለነጭ 1 ነው።

```
L = 0.2126 R + 0.7152 G + 0.0722 B
(L1 + 0.05) / (L2 + 0.05)
```

ሁለተኛው መስመር የንፅፅር ቀመር ነው። `L1` የደማቁ፣ `L2` የደብዛዛው ቀለም ድምቀት ነው። ውጤቱ ከ1 (ሁለቱ አንድ ዐይነት ሲሆኑ) እስከ 21 (ነጭ በጥቁር ላይ ሲሆን) ይደርሳል። በሁለቱም በኩል የተጨመረው 0.05 ከአካባቢ መጥቶ በስክሪኑ ላይ የሚያንጸባርቀውን ብርሃን ይወክላል፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ይህን ስሌት የሚጠቀመው የዎርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርቲየም የተደራሽነት መመሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5፣ ለትልቅ ጽሑፍ ቢያንስ 3 ንፅፅር ይጠይቃል። 3 የሚለው ቁጥር ጤናማ እይታ ላለው ሰው የተቀመጠ ዝቅተኛ ልክ ነው። 4.5 ደግሞ የእይታ ጥራቱ በመጠኑ የቀነሰ አንባቢ በግልጽ ማንበብ እንዲችል 3 በ1.5 ተባዝቶ የተገኘ ነው።

አሁን የፖስተራችንን ቀለሞች እናስላ። በጥላ ያለው አለት ቀለሙ 60፣ 62፣ 58 ነው እንበል። ድምቀቱ 0.047 ይሆናል። ነጭ ጽሑፍ በእርሱ ላይ ያለው ንፅፅር 1.05 ለ0.097 ሲካፈል 10.8 ነው፤ እጅግ መልካም ነው። አረፋው ደግሞ 214፣ 222፣ 226 ይሁን። ድምቀቱ 0.720 ሲሆን የነጭ ጽሑፍ ንፅፅር 1.05 ለ0.770 ተካፍሎ 1.36 ብቻ ይሆናል። «አይ» የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

አማካዩ እንዴት ያታልላል?

ንፅፅር ለመለካት የተዘጋጁ መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት አንድ የጽሑፍ ቀለምና አንድ የመደብ ቀለም ነው። ፎቶግራፍ ግን አንድ ቀለም የለውም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚመጣለት ሐሳብ ከጽሑፉ በታች ያለውን መደብ አማካይ መውሰድ ነው። ውጤቱን እንሞክረው።

ጽሑፋችን ዐሥር ፊደላትና ሁለት ክፍተቶች አሉት። የአረፋው ጅረት «አይ» የሚለውንና በዙሪያው ያለውን ጥቂት ክፍተት ስለሚሸፍን፣ ከጽሑፉ በታች ካለው መደብ አንድ አምስተኛው አረፋ፣ አራት አምስተኛው አለት ነው እንበል። የድምቀቱ አማካይ እንደሚከተለው ነው።

```
0.8 × 0.0471 + 0.2 × 0.7203 = 0.1817
1.05 / (0.1817 + 0.05) = 4.53
```

4.53! መመሪያው ከሚጠይቀው 4.5 ይበልጣል። በአማካይ የተለካው ፖስተር ፈተናውን አልፏል፤ የዐረፍተ ነገሩን ትርጉም የሚሸከሙት ሁለት ፊደላት ግን አይታዩም። አንባቢ ቃልን የሚያነብበው በየፊደሉ ላይ ባለው ንፅፅር እንጂ በጠቅላላው አማካይ አይደለም። በአለቱ ላይ ያለው የ10.8 ትርፍ ለአረፋው ጉድለት ማካካሻ ሊሆን አይችልም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ነጭ ጽሑፍ ከሆነ ከጽሑፉ በታች ያለውን ደማቁን ቦታ፣ ጥቁር ጽሑፍ ከሆነ ደብዛዛውን ቦታ ፈልጎ እርሱን መለካት። ጽሑፉ የሚመዘነው በደካማው ፊደል ነው።

ታዲያ ነጩን ጽሑፍ ጥቁር ብናደርገውስ? በአረፋው ላይ ንፅፅሩ 15.4 ይሆናል፤ በአለቱ ላይ ግን ወደ 1.94 ይወርዳል። ሌሎቹ ስምንት ፊደላት በተራቸው ይጠፋሉ ማለት ነው። ብርሃንና ጥላ በአንድ መስመር ላይ በሚገናኙበት ፎቶግራፍ ቀለም መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም።

ትንሽ ስክሪን ምን ይለውጣል?

ፖስተሩ የተዘጋጀው በ1200 ፒክስል ስፋት ሲሆን ፊደሉ ደማቅ ወይም ቦልድ ሆኖ 40 ፒክስል ነው እንበል። በመመሪያው መሠረት ተራ ጽሑፍ 24 ፒክስል፣ ቦልድ ጽሑፍ ደግሞ 18.7 ፒክስል ያህልና ከዚያ በላይ ሲሆን «ትልቅ» ይባላል። ስለዚህ አዘጋጁ በኮምፒውተሩ ላይ ሆኖ 3 ንፅፅር ይበቃኛል ብሎ ሊያስብ ይችላል። ይኸው ሥዕል በ360 ፒክስል ስፋት ሲታይ ግን ሁሉም ነገር በ0.3 ይባዛል፤ 40 የነበረው ፊደል 12 ይሆናል። አሁን ትልቅ ጽሑፍ ስላልሆነ የሚያስፈልገው 4.5 ነው። ልኩን የሚወስነው አንባቢው ዘንድ ሲደርስ የሚኖረው መጠን እንጂ በአዘጋጁ ፊት ያለው አይደለም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የቀጫጭን መስመሮች ነገር ነው። በአማርኛ ፊደል «ጠ»ን ከ«ጡ» የሚለየው በጎን በኩል የተቀጠለ አጭር መስመር ነው። ይህ መስመር በ1200 ፒክስሉ ሥዕል ላይ 2 ፒክስል ውፍረት ቢኖረው፣ ሥዕሉ ሲያንስ 0.6 ፒክስል ይሆናል። ስክሪን ግማሽ ፒክስል ማብራት አይችልም። ስለዚህ ሥዕሉን የሚያሳንሰው ፕሮግራም የፊደሉን ቀለምና የመደቡን ቀለም ቀላቅሎ በአንድ ፒክስል ያስቀምጣቸዋል፤ 60 በመቶ ነጭ፣ 40 በመቶ መደብ።

የዚህን ዋጋ እናስላ። መደቡ ሦስቱም ቁጥሮቹ 118 የሆኑ ግራጫ ቢሆን ነጭ ጽሑፍ በላዩ 4.54 ንፅፅር ይኖረዋል፤ ለጥቂት ያልፋል። የቀጭኑ መስመር ፒክስል ግን 255 መሆኑ ይቀርና 200 ይሆናል። 200 በ118 ላይ ያለው ንፅፅር 2.71 ነው። የወረቀቱ ስሌት 4.54 ይላል፤ በስክሪኑ ላይ ያለው ግን 2.71 ነው። ቀመሩ የሚያውቀው የተመረጠውን ቀለም እንጂ የመስመሩን ቅጥነት አይደለም። ፒክስሎቹ ይበልጥ በደቀቁ ስልኮች ላይ ጉዳቱ ይቀንሳል፤ ሥዕሉ በመልእክት መላኪያ ውስጥ በአነስተኛ ቅጂ ሲታይ ግን እንደገና ይመጣል።

ጽሑፉ ከፎቶግራፉ ጋር ያልተጣበቀ፣ በድረ ገጽ ላይ ለብቻው በላዩ የሚቀመጥ ከሆነ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ስክሪኑ ሲጠብ ፎቶግራፉ ከግራና ከቀኝ ይቆረጣል፤ ጽሑፉ ደግሞ መጠኑን ይዞ ወደ ሁለት መስመር ይሰበራል። ሁለተኛው መስመር ከምን ላይ እንደሚያርፍ አዘጋጁ አይቶት አያውቅም። ስለሆነም በእያንዳንዱ የስክሪን ስፋት አዲስ መደብ እንዳለ ቆጥሮ መለካት ያስፈልጋል።

ጉድለቱን ማረም

የታወቀው መፍትሔ በጽሑፉና በፎቶግራፉ መካከል ስስ ጥቁር ሽፋን ማስገባት ነው። ሽፋኑ ፎቶግራፉን ሙሉ በሙሉ አይደብቅም፤ ቁጥሮቹን ግን ዝቅ ያደርጋል። 40 በመቶ የሚሸፍን ጥቁር ማለት እያንዳንዱ ቁጥር በ0.6 ይባዛል ማለት ነው።

ምን ያህል ሽፋን እንደሚበቃ በግምት ሳይሆን በስሌት ይወሰናል። በአረፋው ላይ 40 በመቶ ሽፋን ብንጥል ቀለሙ 128፣ 133፣ 136 ይሆናል፤ የነጭ ጽሑፍ ንፅፅር ወደ 3.73 ያድጋል። ገና አልበቃም። 50 በመቶ ብናደርገው ቀለሙ 107፣ 111፣ 113፣ ንፅፅሩም 5.08 ይሆናል። በቅቷል። ነገ ፎቶግራፉ ቢለወጥና ከጽሑፉ በታች ንጹሕ ነጭ ቢመጣስ? 55 በመቶ ሽፋን ነጩን ወደ 115 ያወርደዋል፤ ንፅፅሩም 4.74 ይሆናል። እንግዲህ ለነጭ ጽሑፍ 55 በመቶ ጥቁር ሽፋን ለየትኛውም ፎቶግራፍ ዝቅተኛውን ልክ ያሟላል። ሽፋኑን በጽሑፉ መስመር ላይ ብቻ እንደ ቀበቶ ማሳረፍና ጠርዙን ቀስ በቀስ ማሳሳት የፎቶግራፉን ውበት ያድናል።

ሽፋኑ የቀጫጭኑን መስመር ችግር አይፈታም፤ እርሱ የሚፈታው በመጠን ነው። 2 ፒክስል የነበረው መስመር በስልክ ላይ አንድ ሙሉ ፒክስል እንዲሆን ፊደሉ ከ40 ወደ 70 ፒክስል ማደግ ይኖርበታል። ያን ጊዜ መስመሩ 3.5 ፒክስል፣ በስልክ ላይም 1.05 ይሆናል። ነገር ግን ፊደሉ ሲያድግ ጽሑፉም ይሰፋል፤ «አይ» ከአረፋው ወጥቶ ሌላ ፊደል በቦታው ሊገባ ይችላል። ሽፋኑም ከአዲሱ የጽሑፍ ቦታ ጋር መስፋት አለበት። እያንዳንዱ እርማት አዲስ ልኬት ይጠይቃል።

ልኬቱን በኮምፒውተር መሥራት

ብዙ ፖስተሮች ያሉት ሰው በእጅ ሊያሰላ አይችልም። የሚከተለው አጭር የፓይተን ፕሮግራም ሥራውን ይሠራል። የሚሰጠው ሥዕል ሽፋኑ ያለበት፣ ጽሑፉ ግን ገና ያልተጻፈበት መሆን አለበት፤ አለዚያ ነጩ ፊደል ራሱ እንደ ደማቅ መደብ ይቆጠራል።

```python
from PIL import Image

def lin(v):
    v = v / 255
    return v / 12.92 if v <= 0.04045 else ((v + 0.055) / 1.055) ** 2.4

def lum(p):
    return 0.2126*lin(p[0]) + 0.7152*lin(p[1]) + 0.0722*lin(p[2])

im = Image.open("poster.png").convert("RGB")
im = im.resize((360, im.height * 360 // im.width))
box = im.crop((60, 90, 168, 106))
colors = box.getcolors(box.width * box.height)
worst = max(lum(c) for n, c in colors)
print(1.05 / (worst + 0.05))
```

ፕሮግራሙ በመጀመሪያ ሥዕሉን ወደ 360 ፒክስል ስፋት ያሳንሰዋል። ቀጥሎ ጽሑፉ የሚያርፍበትን አራት ማዕዘን ይቆርጣል፤ አራቱ ቁጥሮች ግራ፣ ላይ፣ ቀኝና ታች ጠርዞች ሲሆኑ በ360ው ሥዕል ላይ ተለክተው ይገባሉ። በመጨረሻም ከሁሉ የደመቀውን ፒክስል ፈልጎ የነጭ ጽሑፍን ንፅፅር ያትማል። ውጤቱ ከ4.5 ካነሰ ሽፋኑን ጨምሮ እንደገና መሞከር ነው። ሥዕሉን አስቀድሞ ማሳነሱ አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በትልቁ ሥዕል ላይ ለብቻዋ የምታበራ አንዲት ፒክስል ከጎረቤቶቿ ጋር ትቀላቀላለች፤ በመሆኑም ለንባብ የማትጎዳ ነጥብ ውጤቱን ያለ አግባብ አታበላሽም።

ቁጥሩ የማያየው ነገር

ቀመሩ በ0.05 የወከለው የአካባቢ ብርሃን ለቤት ውስጥ የሚስማማ ነው። ስልክ ግን በፀሐይ ላይም ይነበባል። ከስክሪኑ የሚያንጸባርቀው ብርሃን በአራት እጥፍ አድጎ 0.20 ቢሆን፣ በ50 በመቶ ሽፋን ያገኘነው 5.08 ወደ 3.36 ይወርዳል፤ 1.20 ለ0.357 ማለት ነው። ከቤት ውጭ እንዲነበብ የታሰበ ማስጠንቀቂያ ስለዚህ ከዝቅተኛው ልክ በእጅጉ መራቅ ይኖርበታል። መመሪያው ራሱ ለላቀ ደረጃ 7 ንፅፅር ይጠይቃል፤ ይህ ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ የተሻለ ግብ ነው።

ከስሌቱ በኋላ የሰው ዐይን መፈተኑ አይቀርም። ጽሑፉን የተካው ሰው ግን ለዚህ ፈተና ብቁ አይደለም፤ ምን እንደተጻፈ አስቀድሞ ስለሚያውቅ የጠፋውን ፊደል ከትዝታው ሞልቶ ያነብበዋል። ፖስተሩን ያላየ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ሥዕሉ በትንሽ ስልክ ላይ፣ የስክሪኑ ብርሃን ተቀንሶ፣ ከዚያም ከደጅ ወጥቶ ለዚህ ሰው ይታይ። «ይነበባል ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ምን ይላል?» ተብሎ ይጠየቅ። «ያልፈላ ውሃ ጠጡ» ብሎ የሚመልስ ሰው ጽሑፉ የሚነበብ መሆኑን ይመሰክራል፤ የተነበበው ግን የተጻፈው አይደለም።